ከማታ እስከ ንጋት ስንት ሰዓት ነው? የፈረቃ ሠራተኛ የቆይታ ጊዜ በእኩለ ሌሊትና በወር መባቻ

(በትምህርት ክፍሉ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይመስላል። አንድ ሰው ሥራ የገባበትና የወጣበት ሰዓት ከታወቀ በሥራ ላይ የቆየው ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ነው? መልሱ መቀነስ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ገብቶ የሚወጣው ሰው ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣ ከሆነ፣ ያች ሌሊት ደግሞ የወሩ የመጨረሻ ሌሊት ከሆነች፣ ይህ ቀላል መቀነስ የተማሩ ሰዎችን ሲያሳስት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ንግግሬን ከአንዲት ሠራተኛ ጉዳይ ልጀምር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ፣ ስሙን ግን ከማልጠቅሰው፣ አንዲት የሽመና ማሽን ኦፕሬተር የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። መኖሪያዋ ደሴ ነው፤ በየዕለቱ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ እየወረደች ትሠራለች። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ፈረቃ የእርሷ ነበር። ከ10 ደቂቃ ቀድማ በ7፡50 ገባች። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ተተኪዋ ሳትመጣ ቀረች። የፈረቃ አለቃው ማሽኑ እንዳይቆም ለመናት፤ እርሷም እስከ ንጋት ሠርታ በ11፡40 ወጣች። በወሩ የደመወዝ ወረቀት ላይ ለዚያ ቀን የተመዘገበላት ግን 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ብቻ ነበር። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊሰጣት ቀርቶ መደበኛ ፈረቃዋን አላሟላችም ተብሎ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተቆርጦባታል።

«መምህር፣ እኔ ሒሳቡን አላውቀውም» አለችኝ። «የማውቀው ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብቼ ሊነጋጋ ሲል መውጣቴን ነው። እንዴት አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም ይሉኛል? እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። ማንም ሊጎዳት ያሰበ ሰው አልነበረም። የደመወዝ ሠራተኛው የሠራው 11፡40 ሲቀነስ 7፡50 ነው፤ ውጤቱም በትክክል 3፡50 ነው። ቅንሳቱ ልክ ነው፤ ስህተቱ ያለው የተቀነሱት ቁጥሮች ምን እንደሚናገሩና ምን እንደማይናገሩ ካለማስተዋል ላይ ነው።

ሰዓት የሚነግረን ቀሪውን ብቻ ነው

በትምህርት ቤት ስለ ማካፈል ስንማር «ድርሻ» እና «ቀሪ» የሚሉ ሁለት ቃላትን ተምረናል። 27ን ለ12 ስናካፍል ድርሻው 2፣ ቀሪው 3 ነው። የግድግዳ ሰዓት የሚያሳየን ቀሪውን ብቻ ነው። ከአንድ መነሻ ጀምሮ 3 ሰዓት ቢያልፍም፣ 15 ሰዓት ቢያልፍም፣ 27 ሰዓት ቢያልፍም ቀስቱ የሚያርፈው 3 ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ ማለትም ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ ከሰዓቱ ፊት ላይ አይነበብም። ይህን የሚነግረን የቀኑ ክፍልና ቀኑ ራሱ ነው። «ጠዋት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የምንላቸው ቃላትና በመዝገቡ ላይ የምንጽፈው ቀን የድርሻው ማስታወሻ ናቸው።

እንግዲህ የደመወዝ ሠራተኛው «ከቀኑ» እና «ከንጋቱ» የሚሉትን ቃላት ጥሎ ቁጥሮቹን ብቻ ሲቀንስ፣ የቀስቱን አንድ ሙሉ ዙር ጣለ። አንድ ዙር 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሠራተኛዋ ላይ የጠፋው ጊዜ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ አያንስምም።

ይህ ዓይነቱ ስህተት ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚኖር በመሆኑ ነገሩ የባሰ ነው። በፋብሪካዎቻችን በሰፊው የተለመዱትን ሦስት ፈረቃዎች እንመልከት። የመጀመሪያው ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4፣ ሦስተኛው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ነው። ሦስተኛውን ፈረቃ በቁጥር ብቻ ብንቀንስ 12 ሲቀነስ 4 ይሆንና 8 እናገኛለን፤ ትክክል ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደግሞ የመውጫው ቁጥር ከመግቢያው ስለሚያንስ፣ ሠራተኛው በልምድ 12 ይጨምርና እንደገና 8 ያገኛል፤ ይህም ትክክል ነው። ዘዴው ዓመቱን ሙሉ ልክ ሆኖ ይቆያል። ከ12 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው በመጣ ዕለት ግን ሳይናገር ያሳስታል። በደሴ የጤና ተቋማት የምትሠሩ ደግሞ ይህንን በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያደረ ተረኛ በቁጥር ቅንሳት ዜሮ ሰዓት ነው የሠራው።

ከንጋት መቁጠር

መፍትሔው ሁለቱንም ሰዓቶች ከአንድ መነሻ መለካት ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው መነሻ ንጋት 12 ሰዓት ነው፤ የአቆጣጠራችን ዜሮ እርሱ ነውና። የቀኑን ሰዓት እንዳለ እንወስዳለን፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ላለው ደግሞ 12 እንጨምራለን። ከቀኑ 7፡50 ራሱ 7፡50 ነው። ምሽት 4 ሰዓት 16፡00 ይሆናል። እኩለ ሌሊት 18፡00 ነው። ንጋት 11፡40 ደግሞ 23፡40 ነው።

አሁን እንቀንስ፤ 23፡40 ሲቀነስ 7፡50። ከ40 ደቂቃ ላይ 50 ደቂቃ አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ23ቱ ሰዓት አንዱን እንበደርና 60 ደቂቃ አድርገን ወደ ደቂቃው እናመጣዋለን። 22 ሰዓት ከ100 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ላይ 7 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲነሣ 15 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይቀራል። ሠራተኛዋ በግቢው ውስጥ የቆየችው ይህን ያህል ነው። ከመደበኛ ፈረቃዋ በኋላ ያለው ብቻ ሲሰላ፣ 23፡40 ሲቀነስ 16፡00፣ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ትርፍ ሰዓት ሠርታለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከንጋት ስንቆጥር እኩለ ሌሊት ምንም አልሆነም፤ 17፣ 18፣ 19 እያለ አለፈ። ለአያቶቻችንም ቀን የሚለወጠው ሲነጋ እንጂ በእኩለ ሌሊት አልነበረም፤ ዛሬም በንግግራችን «ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት» ስንል ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር እናያይዘዋለን። ይህ ማለት ግን ከንጋት መቁጠር ድንበርን ፈጽሞ ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ድንበሩን ከእኩለ ሌሊት ወደ ንጋት ያዛውረዋል። ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2 ያደረችው ነርስ 14፡00 ገብታ በማግስቱ 2፡00 ወጥታለች፤ የንጋትን ድንበር ስላለፈች 24 ይጨመርና 26፡00 ይሆናል፤ 26 ሲቀነስ 14፣ 12 ሰዓት። የትኛውንም መነሻ ብንመርጥ የሆነ ፈረቃ ድንበሩን ማቋረጡ አይቀርም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ የመውጫው ቀን ከመግቢያው ቀን በስንት እንደሚበልጥ እንወቅ፣ ለእያንዳንዱ ቀን 24 እንጨምር፣ ከዚያ እንቀንስ። በአገራችን እንደ አውሮፓ በበጋና በክረምት ሰዓት የማስቀደምና የማዘግየት ልማድ ስለሌለ ይህ 24 ሁልጊዜ 24 ነው።

የማሽኑ ሰዓትና የሰው ሰዓት

ችግሩ የጣት አሻራ ማሽኑ በእኛ ቋንቋ አለመናገሩ ነው። የሚመዘግበው በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በጎርጎርዮሳዊው ቀን ነው፤ ቀኑንም የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ነው። የዚያች ሠራተኛ መዝገብ በማሽኑ ላይ እንዲህ ነበር፦

```
IN   2024-10-10  13:50
OUT  2024-10-11  05:40
```

ከንጋት የተቆጠረውን ወደ ማሽኑ ለመለወጥ 6 ሰዓት እንጨምራለን፤ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሰን ቀኑን አንድ እናስቀድማለን። 7፡50 ላይ 6 ሲጨመር 13፡50 ነው። 23፡40 ላይ 6 ሲጨመር 29፡40፣ ማለትም በማግስቱ 5፡40 ነው። የቆይታው ጊዜም አይለወጥም፤ 29፡40 ሲቀነስ 13፡50 አሁንም 15፡50 ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ትክክለኛውን መረጃ ይዞ እያለ ስህተቱ እንዴት መጣ? የደመወዝ ፕሮግራሙ የሚሠራው ለእያንዳንዱ ቀን የመጀመሪያውን መግቢያና የመጨረሻውን መውጫ በማጣመር ነበር። ጥቅምት 10 በጎርጎርዮሳዊው፣ ማለትም መስከረም 30፣ መግቢያ አለ፣ መውጫ ግን የለም። በማግስቱ መውጫ አለ፣ መግቢያ የለም። በዚያ ላይ የወሩ ሒሳብ የተዘጋው መስከረም 30 ላይ ነው፤ መግቢያው በአንዱ ወር ፔሮል፣ መውጫው በሌላው ወር ውስጥ ወደቀ። ፕሮግራሙ ሁለቱንም «ያልተሟላ» ብሎ ተዋቸው። የደመወዝ ሠራተኛው ክፍተቱን በእጁ ለመሙላት የፈረቃ አለቃውን ደብተር ከፈተ፤ እዚያ ላይ «7፡50 – 11፡40» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ቀንስ ብሎ 3፡50 አገኘ።

የሌሊት ፈረቃ የማን ቀን እንደሆነ አስቀድሞ አለመወሰን የሚያስከትለው ሌላም ጉዳት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ዕረፍቱም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ንጋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲያካትት ነው የሚቆጠረው። አንድ አለቃ ቅዳሜ ማታ የሚጀምረውን ፈረቃ በመጀመሪያው ቀን ስም «የቅዳሜ» ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው አለቃ እሑድ ማታ የሚጀምረውን በሚያልቅበት ቀን ስም «የሰኞ» ብሎ ይጽፈዋል። በሰሌዳው ላይ እሑድ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ሠራተኛው አርፏል ይባላል። ሰዓቱ ሲሰላ ግን እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ወጥቶ እሑድ ምሽት 4 ሰዓት ገብቷል፤ ያረፈው 16 ሰዓት ነው። ወረቀቱ የዕረፍት ቀን ያሳያል፤ ቅንሳቱ ግን 8 ሰዓት እንደጎደለ ይናገራል።

ለዚህ ቋንቋችን ራሱ መድኃኒት አለው። «ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» እንላለን። በዚህ አነጋገር ሌሊቱ ሁለቱንም ቀኖች በስማቸው ይጠራል፤ የሚያሻማ ነገር አይተውም። በፈረቃ ደብተር ላይ «መስከረም 30 ለጥቅምት 1 አጥቢያ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ የደመወዝ ሠራተኛው አይሳሳትም ነበር።

ወር ሲለወጥ

በእኛ የዘመን አቆጣጠር የወር ድንበርን መሻገር ቀላል ነው፤ አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸውና። ለእያንዳንዱ ቀን ከዓመቱ መጀመሪያ የሚቆጠር ተራ ቁጥር እንስጠው። የወሩን ተራ ቁጥር አንድ ቀንሰን በ30 እናባዛና ቀኑን እንጨምራለን። መስከረም 30 ተራ ቁጥሩ 30 ነው፤ ጥቅምት 1 ደግሞ 31። ልዩነታቸው አንድ ቀን ነው። ይህን ሳያደርግ ቀኑን ከቀን የሚቀንስ ሰው 1 ሲቀነስ 30 ብሎ ነጌቲቭ 29 ያገኛል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጳጉሜን ላይ ነው። እንበልና አንድ ማሽን ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2፡40 ተበላሽቶ ቆመ፤ የጥገና ፈረቃዎቹ እየተረካከቡ ሠርተውት መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡15 ተነሣ። የቆመበት ጊዜ ከኦፕሬተሮቹ የምርት ግዴታ ላይ የሚቀነስላቸው ከሆነ በትክክል መታወቅ አለበት። ነሐሴ አሥራ ሁለተኛው ወር ስለሆነ፣ 11 በ30 ሲባዛ 330፣ 28 ሲጨመር 358። 2017 ጳጉሜን 5 ቀን ስለነበረች ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ መስከረም 2 ስለዚህ 367ኛው ቀን ይሆናል። ልዩነቱ 9 ቀን ነው። 9 በ24 ሲባዛ 216 ሰዓት። መጨረሻው 216 ሲደመር 3፡15፣ ማለትም 219፡15 ሆነ፤ መነሻው ከንጋት ሲቆጠር 14፡40 ነው። ሲቀነስ 204 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ጳጉሜንን የረሳ ሰው ከዚህ ላይ 120 ሰዓት ያጎድላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ 2019ም እንዲሁ ይሆናል።

ይኸው ጊዜ በማሽኑ ቀን ከሴፕቴምበር 3 እስከ ሴፕቴምበር 12 ነው፤ የወር ድንበር የለበትም፤ 12 ሲቀነስ 3፣ 9 ቀን። በአንዱ አቆጣጠር የዓመት መለወጫ የሆነው በሌላው የወሩ መካከል ነው። በተቃራኒው ጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ፣ በ2017 ዓ.ም. በእኛ ጥር 23 ለጥር 24 አጥቢያ ነበር። የሚያሳስተው የአንዱን ልማድ ወደ ሌላው መውሰድ ነው። ወር ሁሉ 30 ነው ብሎ የለመደ ሰው ከጃንዋሪ 30 እስከ ፌብሩዋሪ 2 ያለውን ሁለት ቀን ብሎ ይቆጥረዋል፤ ጃንዋሪ ግን 31 ስለሆነ ሦስት ቀን ነው። አንድ ሙሉ ቀን፣ 24 ሰዓት፣ ጠፋ ማለት ነው።

ከደቂቃ ወደ ብር

የቆይታው ጊዜ በትክክል ከተገኘ በኋላም አንድ ወጥመድ ይቀራል። 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃን በካልኩሌተር 7.40 ብሎ ማስገባት የተለመደ ነው። ካልኩሌተሩ ግን 7.40ን የሚያነበው 7 ሰዓትና የሰዓት 40 ከመቶ አድርጎ ነው፤ ይህም 7 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ነው። 40 ደቂቃ የሰዓት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ መግባት ያለበት 7.667 ነው።

በብር እንየው። ለሒሳብ እንዲመቸን የወር ደመወዟ 4,160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል፤ የሰዓት ክፍያዋ ስለዚህ 20 ብር ነው። አዋጁ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል፤ በሰዓት 35 ብር ማለት ነው። 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በ35 ሲባዛ 268 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። 7.40 ብሎ የሠራ 259 ብር ብቻ ያገኛል። በዚህ መንገድ የሚጠፋው በአንድ ስሌት ከ24 ደቂቃ አይደርስም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጠፋው ከሠራተኛው ነው፤ በየሌሊቱም ይደጋገማል። ትርፍ ሰዓቷ ላይ ያለአግባብ የተቆረጠባት 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ 83 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ሲጨመር ሠራተኛዋ በአንዲት ሌሊት ያጣችው 351 ብር ከ66 ሳንቲም ገደማ ነው።

በኮምፒዩተር ኤክሴል ለምትሠሩ፣ በአንዱ ሴል ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን አብራችሁ በጎርጎርዮሳዊው ከጻፋችሁ እኩለ ሌሊትም የወር መጨረሻም ራሱ ይሻገረዋል። A2 መግቢያ፣ B2 መውጫ ቢሆን፦

```
=(B2-A2)*24
```

ይህ በሰዓት 15.833 ይሰጣል፤ ለክፍያ ማባዣ የሚሆነው ይህ ነው። ቀኑ ከሌለና ሰዓቱ ብቻ ካለ ደግሞ፦

```
=MOD(B2-A2,1)*24
```

እኩለ ሌሊትን ይሻገራል፤ ነገር ግን ቆይታው 24 ሰዓት ከደረሰ ዙሩን ይጥላል። የሳምንት ድምር በሰዓትና በደቂቃ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ልዩነቶቹን በ24 ሳታባዙ ደምሩ፤ የሴሉ ቅርጽም `[h]:mm` ይሁን። በ`h:mm` ከተተወ 47፡50 የነበረው ድምር 23፡50 ሆኖ ይታያል፤ ኤክሴሉም እንደ ግድግዳው ሰዓት ቀሪውን ብቻ ያሳያልና።

ስህተት በምን ይታወቃል

ማንኛችሁም የደመወዝ ወረቀት ወይም የተረኛ መዝገብ ስትመረምሩ፣ በተጻፈውና በምታስታውሱት መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ልዩነቱ የስህተቱን ምንጭ ይናገራል። ልክ 12 ሰዓት ከሆነ የቀስቱ ዙር ተጥሏል። ልክ 24 ወይም የ24 ብዜት ከሆነ የቀን ወይም የወር ርዝመት ተሳስቷል። የደቂቃው ቁጥር ከ59 በልጦ ከተገኘ ሰዓትና ደቂቃ እንደ አሥርዮሽ ቁጥር ተቀንሰዋል።

ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሁለት አቆጣጠር ተቀላቅሏል፤ ይህ በጤና ተቋም ውስጥ ከብር የሚበልጥ ነገር ያሳጣል። ለምሳሌ አንዲት ወላድ ምጥ እንደጀመራት ከሌሊቱ 5፡30 ብሎ አንዱ በእኛ ሰዓት መዘገበ፤ መውለዷን ግን የጠዋቱ ተረኛ በግድግዳው የአውሮፓ ሰዓት 9፡10 ብሎ ጻፈ። በቀጥታ ሲቀነስ ምጡ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የፈጀ ይመስላል። 9፡10 በእኛ ጠዋት 3፡10 ነው፤ ከንጋት ሲቆጠር ከማግስት 27፡10፤ የሌሊቱ 5፡30 ደግሞ 17፡30። ምጡ የፈጀው 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። መዝገቡን በኋላ የሚያነብ ሐኪም የሚሰጠው ውሳኔ በዚህ ቁጥር ላይ ይመሠረታል።

በውይይቱ ጊዜ አንዲት ነርስ፣ «ታዲያ የትኛውን እንጠቀም፤ የእኛን ወይስ የማሽኑን?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይህ ነው፦ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው፤ ነገር ግን መግቢያውና መውጫው በአንድ ዓይነት ይጻፉ፣ በሁለቱም አጠገብ ቀን ይኑር፣ ቀኑ በንጋት ወይስ በእኩለ ሌሊት እንደሚለወጥም በመዝገቡ ራስጌ ላይ ይገለጽ።

የሠራተኛዋን ጉዳይ ሳልቋጭ ልለፍ አልችልም። ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋት፤ ይዛው ሄደች። የደመወዝ ሠራተኛው ቅን ሰው ነበር፤ ገጹን ካየ በኋላ በራሱ ተነሣሽነት የወሩን መዝገብ ሲመረምር በዚያው ዓይነት 12 ሰዓት የጎደለባቸው ሌሎችንም አገኘ። ክፍያው በሚቀጥለው ወር ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል። በወረቀት ላይ 3፡50 ሆኖ የኖረው 15፡50 ሲሆን፣ ሴቲቱ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ትርፍ መሥራቷ ለሁሉም ታየ። የተሳሳተው ቅንሳት ብሯን ብቻ ሳይሆን ድካሟንም ደብቆት ነበር። አሁን በዚያ ክፍል ለምሽት 4 ሰዓት ፈረቃ ተጠባባቂ ኦፕሬተር ይመደባል፤ በደብተሩም ላይ «ለ… አጥቢያ» የሚል ዓምድ ተሠምሯል።